ከሰኔ 30 በፊት የተፈረመ ወረቀት

ኢሜይሉ የመጣው ሐምሌ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ከምሳ መልስ ነው። ላኪው የድርጅቱ የሂሳብ ባለሙያ፣ ተቀባይዋ የፋይናንስ ሥራ አስኪያጇ ናቸው። እንዲህ ይላል፦

«ጉዳዩ፦ የባንክ ብድር ከአጭር ጊዜ ወደ ረጅም ጊዜ ዕዳ ስለማዛወር። ጤና ይስጥልኝ። በአጭር ጊዜ የባንክ ብድር ሂሳብ ላይ የተመዘገበው 24 ሚሊዮን ብር የመክፈያ ጊዜው ወደ አራት ዓመት ስለተራዘመ፣ በሰኔ 30 መዝጊያ ወደ ረጅም ጊዜ ዕዳ እንዲዛወር ጆርናል ቫውቸር አዘጋጅቻለሁ። ኦዲተሮቹ ሰኞ ስለሚገቡ ከዚያ በፊት ቢያጸድቁልኝ። ከሰላምታ ጋር።»

ድርጅቱን ለምሳሌ ብዬ የፈጠርኩት ነው፤ ብስኩት የሚጋግር መካከለኛ ፋብሪካ እንበለው። ኢሜይሉ ግን እንግዳ አይደለም። ሰኔ ተዘግቶ ሐምሌ ሲገባ በየፋይናንስ ክፍሉ የዚህ ዓይነት ጥያቄ ይመላለሳል። አብዛኛውን ጊዜም በአንዲት «እሺ» ታልፎ ቫውቸሩ ይፈረማል። ምክንያቱም ጉዳዩ ቀላል ይመስላል፤ ገንዘብ አይወጣም፣ ገንዘብ አይገባም፣ ትርፉ በሳንቲም አይነካም። የድርጅቱ ጠቅላላ ዕዳም ያው ነው። 24 ሚሊዮኑ ከአንድ መስመር ተነሥቶ ጥቂት መስመሮች ወረድ ብሎ መቀመጡ ብቻ ነው።

ታዲያ ለምን የሥራ አስኪያጅ ፊርማ ያስፈልገዋል?

እቁብ ቀድሞ የደረሰው ሰው መልሱን ያውቀዋል። ብሩን በልቶታል፤ ከእንግዲህ ያለበት መክፈል ነው። ግን የዚህ ሳምንቱ መዋጮና የሚቀጥለው ዓመት መዋጮ በሰውየው ኪስ ላይ እኩል አይከብዱም። የዚህ ሳምንቱን ከሌላ ቦታ ተበድሮም ቢሆን ማምጣት አለበት፤ ለሚቀጥለው ዓመቱ ሠርቶ ያገኛል። የሀብትና ዕዳ መግለጫም ዕዳን ለሁለት የሚከፍለው ለዚሁ ነው። በመጪዎቹ 12 ወራት ውስጥ የሚከፈለው የአጭር ጊዜ ዕዳ ይባላል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው የረጅም ጊዜ። መግለጫውን የሚያነብ ሰው፣ አበዳሪ ባንክ ይሁን በዱቤ ዱቄት የሚያቀርብ ነጋዴ፣ ዓይኑን መጀመሪያ የሚጥለው እዚህ ላይ ነው፤ ይህ ድርጅት በዚህ ዓመት የሚፈለግበትን ከፍሎ ያድራል ወይ?

የፋብሪካውን ቁጥር እንመልከት። ሰኔ 30 ላይ በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ ጥሬ ገንዘብ የሚለወጥ ሀብቱ፣ ማለትም በባንክ ያለው ብር፣ ከደንበኞች የሚሰበሰበው፣ በመጋዘን ያለው ዱቄት፣ ስኳርና ዘይት ተደምሮ 36 ሚሊዮን ብር ነው። ከብድሩ ሌላ ያለበት የአጭር ጊዜ ዕዳ ደግሞ 18 ሚሊዮን ነው። ብድሩ በሙሉ አጭር ጊዜ ላይ ከተቀመጠ የአጭር ጊዜ ዕዳው 42 ሚሊዮን ይሆናል፤ ለአንድ ብር ዕዳ የቀረበው ሀብት 86 ሳንቲም ብቻ ነው። ብድሩ በሙሉ ወደ ረጅም ጊዜ ከዞረ ለአንዱ ብር ሁለት ብር ይቆማል። በአንድ ቫውቸር፣ ፋብሪካው አንዲት ብስኩት ሳይጨምር፣ አፋፍ ላይ የነበረው ድርጅት ተደላድሎ ተቀመጠ ማለት ነው። ባለሙያዎቹ ከረንት ሬሾ የሚሉት ይህንኑ ነው። ኢሜይሉ «ኦዲተሮቹ ሳይገቡ» ብሎ መቸኮሉም ከዚህ ጋር ሳይያያዝ አይቀርም።

ሥራ አስኪያጇ መልስ ከመጻፏ በፊት የብድሩን ፋይል አስመጣች። ልክ አደረገች፤ በኢሜይሉ ላይ ከሁሉ የሚያስፈልገው ነገር የለምና። ብድሩ ተራዘመ ይላል እንጂ መቼ እንደተራዘመ አይልም።

ፋይሉ የሚያሳየው ታሪክ ይህ ነው። ድርጅቱ 24 ሚሊዮኑን የተበደረው ሐምሌ 20 ቀን 2016 ዓ.ም. ጥሬ ዕቃ ለመግዛት ሲሆን፣ ብድሩ በአንድ ዓመት ውስጥ፣ ማለትም እስከ ሐምሌ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በአንድ ጊዜ ተከፍሎ ማለቅ ነበረበት። ሽያጩ እንደታሰበው አልሄደም። በግንቦት የማራዘሚያ ደብዳቤ ለባንኩ ተጻፈ። የማሻሻያው ውል የተፈረመው ሰኔ 18 ነው። በአዲሱ ውል ዋናው ገንዘብ በየሦስት ወሩ 1.5 ሚሊዮን እየተባለ በ16 ጊዜ ይከፈላል፤ የመጀመሪያው መስከረም 30 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ የመጨረሻው ሰኔ 30 ቀን 2021 ዓ.ም. ነው።

ከፊርማው እስከ መዝጊያው 12 ቀን አለ። ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው በእነዚህ 12 ቀናት ላይ ነው።

አገራችን በ2006 ዓ.ም. በወጣው የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847 አማካይነት የተቀበለቻቸው ዓለም አቀፍ የሂሳብ ደረጃዎች፣ በዚህ ጉዳይ አይኤኤስ 1 የሚባለው ደረጃ፣ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው። ሂሳቡ በሚዘጋበት ቀን ድርጅቱ ክፍያውን ቢያንስ 12 ወር የማዘግየት መብት በእጁ ነበረው ወይስ አልነበረውም? ከነበረው ዕዳው የረጅም ጊዜ ነው። ካልነበረው የአጭር ጊዜ ነው። መብት የሚለው ቃል ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ሐሳብ አይደለም፣ ተስፋም አይደለም። «ባንኩ ሁልጊዜ ያድስልናል» ወይም «የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ቃል ገብተውልናል» የሚባለው ሰኔ 30 ማታ የሚያሳየው ወረቀት ከሌለው አይቆጠርም። እ.ኤ.አ. ከጥር 2024 ጀምሮ በሚከፈቱ የሂሳብ ዓመታት የሚሠራበት ማሻሻያ ይህንን ይበልጥ አጥብቆታል፤ ድርጅቱ በመብቱ ሊጠቀምበት ማሰብ አለማሰቡ ለምደባው ለውጥ አያመጣም ብሏል።

እንግዲህ ያው ውል ሐምሌ 3 ቀን ተፈርሞ ቢሆን ኖሮስ? ሂሳቡ ገና አልጸደቀም፣ ኦዲተሩም ገና አልገባም፣ ብድሩ መራዘሙን ሁሉም ያውቃል። ቢሆንም 24 ሚሊዮኑ ባለበት ይቆያል። ሰኔ 30 ማታ ፋብሪካው በእጁ የነበረው ውል በ20 ቀን ውስጥ ሁሉንም ክፈል የሚለው አሮጌው ውል ነበርና። አዲሱ ስምምነት በማብራሪያው ገጽ ላይ ይጻፋል፤ አንባቢው ያውቀዋል፤ ቁጥሩ ግን አይነቃነቅም። ይህ ለብዙ ሥራ አስኪያጆች አይዋጥላቸውም፤ «እውነቱ እኮ ተራዝሟል» ይላሉ። እውነት ነው፣ ተራዝሟል። መግለጫው ግን የሰኔ 30 ፎቶግራፍ ነው፤ ሐምሌ 3 ቀን የገባ ሰው ፎቶው ውስጥ አይገኝም።

እዚህ ላይ በትምህርት ቤት የተማርነው የሚያሳስተን ነገር አለ። ብዙ የአገራችን የሂሳብ ባለሙያዎች ዩኒቨርሲቲ ሳሉ ያነበቧቸው ወፋፍራም መጻሕፍት አሜሪካ ውስጥ የተጻፉ ናቸው። በአሜሪካኖቹ ደንብ፣ ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ድርጅቱ ሂሳቡ ከተዘጋ በኋላ ግን መግለጫው ከመውጣቱ በፊት ዕዳውን በረጅም ጊዜ ብድር ከተካ ወይም ይህን የሚያስችል አስተማማኝ ውል ከፈረመ፣ ዕዳውን ከአጭር ጊዜ ውጭ ማሳየት ይቻላል። ዋሽንግተን ለሚሠራ ወገናችን ትክክል የሆነው ቫውቸር አዲስ አበባ ላይ ስሕተት የሚሆነው በዚህ ነው። ሐምሌ ውስጥ የተፈረመ ውል ይዞ የመጣ ወጣት ባለሙያ ሲገጥማችሁ አትቆጡት፤ መጽሐፉ ነው።

ወደ ፋይሉ እንመለስ። ፊርማው ሰኔ 18 ነው፤ ጥሩ። ሥራ አስኪያጇ ግን የመጀመሪያውን ገጽ አይታ አላቆመችም። የውሉን መጨረሻ ስታገላብጥ አንዲት አንቀጽ አገኘች፤ ማሻሻያው የሚጸናው ተጨማሪ መያዣ ሆኖ የቀረበው መጋዘን በሚመለከተው መሥሪያ ቤት በባንኩ ስም ሲመዘገብ ነው ትላለች። የዚህ ዓይነት አንቀጽ በብድር ውል ውስጥ ብርቅ አይደለም፤ ብርቁ የሚያነበው ሰው ነው። ምዝገባው ሐምሌ 6 ተጠናቆ ቢሆን፣ የሰኔ 18ቱ ፊርማ ሰኔ 30 ላይ ገና ያልጸና ፊርማ ነበር ማለት ነው። ለሂሳብ ባለሙያው ደወለችለት።

«የመያዣው ምዝገባ መቼ አለቀ?»

«እሱን አላየሁም፣ እትዬ። የሕግ ክፍል ጋ ነው ያለው።»

«ማስረጃውን ሳላይ አልፈርምም። ዛሬውኑ አምጣልኝ።»

ማስረጃው መጣ። ቀኑ ሰኔ 25 ነው። አምስት ቀን ተርፏል።

ሦስተኛው ጥያቄ ደግሞ ከሰኔ 30 በፊት ውሉ ተጥሶ እንደሆነ ነው። የባንክ ውሎች ተበዳሪው ክፍያ ካጓደለ ወይም የገባውን ግዴታ ካልጠበቀ ባንኩ ሙሉ ብድሩን በአንድ ጊዜ እንዲጠይቅ ይፈቅዳሉ። አንቀጹ በውሉ ውስጥ መኖሩ ብቻ ብድሩን የአጭር ጊዜ አያደርገውም። ከመዝጊያው ቀን በፊት ግዴታው ተጥሶ ባንኩ ሙሉውን የመጠየቅ መብት ካገኘ ግን የአራት ዓመቱ ብድር በአንድ ሌሊት የአጭር ጊዜ ይሆናል። ባንኩ ሐምሌ ላይ «አልጠይቃችሁም» ብሎ ቢጽፍም አያድነውም፤ ያ ደብዳቤ እስከ ሰኔ 30 መድረስና ቢያንስ የ12 ወር ፋታ መስጠት ነበረበት። ባንኩ ያለ ምንም ምክንያት በፈለገው ቀን ሊጠይቀው የሚችል ብድርም፣ ለምሳሌ ኦቨርድራፍት፣ በተግባር ለዓመታት ሲንከባለል ቢኖርም ቦታው አጭር ጊዜ ላይ ነው። የእኛ ፋብሪካ እስከ ሰኔ ድረስ ወለዱን በወቅቱ ከፍሏል፤ ሌላ ያጓደለው ግዴታም የለም። በዚህ በኩል ንጹሕ ነው።

ታዲያ ትፈርም? አሁንም አይደለም። ኢሜይሉ ላይ ያለው ትልቁ ስሕተት ቀኑ አልነበረም፤ መጠኑ ነበር። «24 ሚሊዮኑ ይዛወር» ይላል። የአዲሱን ውል የክፍያ ሠንጠረዥ ግን ተመልከቱ። ከሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት 12 ወራት ውስጥ የሚከፈሉት አራት ናቸው፤ የመስከረም 30፣ የታኅሣሥ 30፣ የመጋቢት 30 እና የሰኔ 30። በ1.5 ሚሊዮን ሲባዙ 6 ሚሊዮን ብር። ይህ ገንዘብ ውሉ በአራት ዓመት ስለተከፋፈለ ብቻ የረጅም ጊዜ አይሆንም፤ የዚህ ዓመት ዕዳ ነው። ስለዚህ ወደ ረጅም ጊዜ የሚሄደው 18 ሚሊዮን ብቻ ነው። እስከ ሰኔ 30 የተጠራቀመና ገና ያልተከፈለ ወለድ ካለም ከዚህ ጋር አይሄድም፤ እሱ ተከፋይ ወለድ ሆኖ አጭር ጊዜ ላይ ይቀራል።

አሁን ቁጥሩን መልሰን እንየው። የአጭር ጊዜ ዕዳው 18 እና 6 ተደምሮ 24 ሚሊዮን ይሆናል። ለእያንዳንዱ ብር ዕዳ አንድ ብር ከሃምሳ ይቆማል። 86 ሳንቲም አይደለም፣ ሁለት ብርም አይደለም። ፋብሪካው በእርግጥ ያለበት ቦታ ይህ ነው። ሁለት ብር የሚለውን አይቶ ዱቤ የሚሰጥ የዱቄት ነጋዴ፣ በዚሁ ዓመት ባንኩ 6 ሚሊዮን ቀድሞት እንደሚወስድ ሳያውቅ ይሰጣል።

ይህ የቁጥር ሽግግር ምን ያህል መዘዝ ሊያመጣ እንደሚችል ማየት የፈለገ ሰው የአውስትራሊያውን ሴንትሮ ፕሮፐርቲስን ታሪክ ቢያነብ ይጠቅመዋል። ሴንትሮ በአውስትራሊያና በአሜሪካ የገበያ ማዕከላት የነበሩት ትልቅ ኩባንያ ነበር። እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 2007 በዘጋው ሂሳብ ላይ በአንድ ዓመት ውስጥ ይከፈል የነበረ ወደ 1.5 ቢሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር የሚጠጋ ዕዳ የረጅም ጊዜ ተብሎ ተቀምጦ ነበር። የዳይሬክተሮች ቦርዱ አጸደቀው፣ ኦዲተሩም አለፈው። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ብድሮቹን ማደስ እንዳቃተው ኩባንያው ራሱ ሲያሳውቅ የአክሲዮኑ ዋጋ በአንድ ቀን ወደ ሦስት አራተኛው ተናደ። የአገሪቱ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ዳይሬክተሮቹንና የፋይናንስ ኃላፊውን ከሰሰ። በ2011 የፌዴራል ፍርድ ቤቱ ዳኛ የወሰኑት ለእኛዋ ሥራ አስኪያጅም የሚሆን ነው፤ ዳይሬክተር ሂሳቡን ራሱ ማንበብና መረዳት አለበት፤ ባለሙያዎቹ አዘጋጁት፣ ኦዲተሩ አየው ብሎ ማምለጥ አይችልም። የፋይናንስ ኃላፊው ለሁለት ዓመት ኩባንያ እንዳይመራ ታገደ። ባለአክሲዮኖች ያነሡት ክስ ደግሞ በ2012 በ200 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ። ማንም ሰው ገንዘብ ሰርቆ አልነበረም። ዕዳ በተሳሳተ መስመር ላይ ተቀምጦ ነበር፣ ከላይ ያሉትም ሳያስተውሉት አልፈውት ነበር።

ጆርናል ቫውቸር ግርጌው ላይ ሦስት መስመር አለው፤ ያዘጋጀው፣ ያረጋገጠው፣ ያጸደቀው። ብዙ ቦታ ሦስቱ ፊርማዎች በአንድ ደቂቃ፣ በአንድ እስክሪብቶ ይሰፍራሉ። ሦስተኛው መስመር ግን የተቀመጠው ለሥራ ነው፤ የሂሳብ ባለሙያው የመክፈያ ሠንጠረዡን ያውቃል፣ ውሉ መቼ እንደጸናና ባንኩ ምን እንደጻፈ ግን የሚያውቀው ብዙውን ጊዜ ፋይሉን የያዘው ሰው ነው።

ሥራ አስኪያጇ በማግስቱ ጠዋት መልሷን ላከች።

«ኢሜይልህ ደርሶኛል። ቫውቸሩን በ24 ሳይሆን በ18 ሚሊዮን አስተካክለህ አምጣ። 6ቱ የዚህ ዓመት ክፍያ ስለሆነ ባለበት ይቆይ። የማሻሻያውን ውል፣ የመያዣውን ምዝገባ ማስረጃና የመክፈያ ሠንጠረዡን ከቫውቸሩ ጋር አያይዝ፤ ኦዲተሩ መጀመሪያ የሚጠይቀው እነሱን ነው። በማብራሪያው ላይም ብድሩ መቼና በምን ሁኔታ እንደተራዘመ ጻፍ።»

የተስተካከለው ቫውቸር አጭር ነው። የአጭር ጊዜ የባንክ ብድር ዴቢት 18 ሚሊዮን፣ የረጅም ጊዜ የባንክ ብድር ክሬዲት 18 ሚሊዮን፣ ቀኑ ሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.። ወደ ሲስተሙ የገባውም በዚህ ቀን ነው፤ በሐምሌ ቀን ቢገባ አዲሱ ዓመት ላይ ያርፍና የተዘጋው ዓመት መግለጫ አሮጌውን ቁጥር እንደያዘ ይወጣል።

ይህን ያደረገ ድርጅት ሥራው በዚህ አያበቃለትም። በሚቀጥለው ሰኔ 30፣ የዓመቱ አራት ክፍያዎች ተከፍለው 18 ሚሊዮን ሲቀር፣ ከእሱ ውስጥ 6 ሚሊዮኑ እንደገና ወደ አጭር ጊዜ ይመለሳል፤ 12 ሚሊዮኑ ረጅም ጊዜ ላይ ይቀራል። በየዓመቱም እንዲሁ። ማራዘሚያውን በደስታ ያዛወረ ድርጅት ይህን የመልስ ጉዞ ሲረሳ ኦዲተር ያገኘዋል፤ እርማቱም ኦዲተሮቹ ከገቡ በኋላ በጥድፊያ ይሠራል። እርስዎም የዚህ ዓይነት ኢሜይል ከደረሰዎት፣ ቫውቸሩን ከማየትዎ በፊት የውሉን የመጨረሻ ገጽ ይክፈቱና ቀኑን ያንብቡ።